የማድቤታችን በሮች

ዛሬ ጠዋት ዱላዬን አስቆረጥኩ። ዱላ ማስቆረጥ በራሱ ሞኝነት አይደለም። ጫፉ ተሰንጥቆ አስፋልት ላይ እያንሸራተተ አንድ ቀን ሊደፋኝ ነበርና፣ ብየዳ ቤት ጎራ ብዬ የተሰነጠቀውን አስቆርጬ አዲስ የብረት ቆብ አስገጠምኩለት። ሞኝነቱ ሌላ ጋ ነው። ከቤት ስወጣ የማድቤታችንን ግድግዳ የለካሁት በዚያው ዱላ ነበር። ሦስት ዱላ ልክ፤ ትርፍም ጉድለትም የለው። ከዚያ ዱላዬን አሳጠርኩ። ያጠረውን ዱላ ይዤ እንጨት ቤት ገባሁ። ሳንቃው ላይ አጋድሜ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ "ሦስት ዱላ!" አልኩ።

አናጺው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። የልጆች አባት ነው፤ እኔን ግን እንደ ታላቅ ስለሚያከብረኝ ቶሎ አይቃወመኝም።

"አባባ፣ ሜትር እኮ አለኝ። ልምጣና ግድግዳውን ልለካው?"

"ያንተ ሜትር ትናንት ከሱቅ የወጣ ነው። ይሄ ዱላ መሬት ሲለካ፣ ከብት ሲመልስ የኖረ ነው።"

"ዱላውን አልተጠራጠርኩም።"

"እንግዲያውስ ቁረጥ።"

ቆረጠ። እዚያ ቁጭ ብዬ የጥዱን ሽታ እየሳብኩ፣ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ልኩን ቢያውቅ አገር እንዴት ይቀና ነበር እያልኩ ራሴን አመሰገንኩ። አዲሱ የብረት ቆብ በፀሐይ እያብለጨለጨ ዓይኔ ሥር ነበር። አላየሁትም። ዓይኔ ሥር ያለን ነገር አለማየት ለእኔ የዛሬ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ሳንቃውም የተፈለገው በዚሁ ጠባዬ ምክንያት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው።

ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ደሴ ተቀጥራ የምትሠራው ልጃችን ማድቤቱን አሳድሱት ብላ ገንዘብ ላከች። ማድቤታችን ያኔ የጭቃ ግድግዳ ነበረው። ባለቤቴ ዕቃዋን የምትደረድረው ከምድጃው ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ በችንካር በተያዘ አንድ ረጅም ጣውላ ላይ ነው። ከበሩ ስትገባ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ ቀጥሎ ሽሮ፣ እያለ እስከ ጥጉ ይሄዳል። ጣውላው በጭስ ጠቁሮ መልኩ ጠፍቶ ነበር። እኔ ሳየው አፍር ነበር፤ እሷ ሳታየውም ታውቀው ነበር። ይሄን ልዩነት ያኔ አልገባኝም።

ግድግዳው ተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ ሆነ፣ ቀለምም ተቀባ። ከዚያ የመደርደሪያው ጥያቄ መጣ፤ ክፍት ይሁን ወይስ በር ያለው? አናጺውን ጠራሁት። ጎረቤታችንም የቀለሙን ማማር ልታይ ብላ ገብታ ነበር፤ አጥራችን አንድ፣ ሐዘንና ደስታችን አንድ የሆነ ሴት ናት፤ ምላሷ ግን የራሷ ብቻ ነው።

"ክፍቱ ሳንቃና አንግል ብረት ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም" አለ አናጺው። "በር ያለው ካቢኔት ግን ቺፑዱ አለ፣ ማጠፊያው አለ፣ እጀታው አለ፣ ጠርዙን ማልበሱ አለ። ሦስት እጥፍ ይደርሳል።"

"አቧራውስ?" አልኩ። አቧራን ያነሳሁት ትልቅ ሰው ለመምሰል ነው። የምር ምክንያቴ ሌላ ነበር። ከዚያ በፊት ሮቢት ለሠርግ ሄጄ፣ አንድ የድሮ ወዳጄ ማድቤቱን አስጎብኝቶኝ ነበር። ግድግዳው ሙሉ ነጭ በር። ሲከፈት አይጮህ፣ ሲዘጋ አይንኳኳ። እኔና እሱ በልጅነታችን አንድ ኮርማ ለሁለት እየጎተትን ያደግን ሰዎች ነን፤ አሁን እሱ ነጭ በር ሲኖረው እኔ የጠቆረ ጣውላ ይዤ መቃብር መውረድ አልፈለግኩም።

"የከተማችንን የቆቦን አቧራ እያወቅኩ አልክደውም" አለ አናጺው። "ነፋሱ ከሜዳው ሲነሳ፣ ማሽላው ሲወቃ፣ መኪናውም በአስፋልቱ ሲያልፍ አቧራው ቤት ይገባል። ግን አቧራ ብቻውን በጨርቅ ይነሳል። የሚያስቸግረው ቅባት ሲቀላቀልበት ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቅቤ ሲነጠር የሚወጣው እንፋሎት ዕቃው ላይ ይለጠፋል፤ አቧራው መጥቶ እላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ በሳሙናም እምቢ ይላል።"

"ይኸው! በር ያስፈልገዋል ማለት ነው።"

"ምድጃው አጠገብ ከሆነ አዎ። ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ግን ብዙም አይደርስም። ደግሞ በየቀኑ የሚነሳ ዕቃ በየቀኑ ይታጠባል፤ ቅባት የሚይዝበት ጊዜ የለውም። የሚቆሽሸው ለዒድና ለእንግዳ ብቻ የሚወርደው ነው።"

ባለቤቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ አዲሱን ግድግዳ በመዳፏ ትዳስስ ነበር።

"የዒዱን ሳህን ብፌው ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ እሱ በር አለው" አለች። "ለኔ ጣውላዬን መልሱልኝ። ጠርዙ ላይ ብቻ ጣት የሚይዘው ከፍ ያለ ነገር ይደረግበት።"

"ጣትሽ ደግሞ ምን አገባው?" አልኳት።

"ዕቃ እንዳይወድቅ ነዋ።"

"ሰው ሲያልፍለት በር ይገዛል። አንቺ በር ሲመጣልሽ ትሸሻለሽ። የጠቆረ ጣውላ ናፋቂ!"

"በር አታድርግብኝ አልኩህ፤ አበቃ።"

"ምክንያት አምጪ።"

ጎረቤታችንን አየቻት። ጎረቤታችንም አየቻት። የሁለቱን መተያየት አይቻለሁ፤ ዓይኔ እስከዚያ ድረስ ይሠራ ነበር። የሴቶች ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

"ምስጥስ?" አለች ጎረቤታችን፣ ወሬውን ለመቀየር በሚመስል ድምፅ። "ይሄ የናንተ ቺፑድ የሚሉት ለምስጥ ድግስ አይደለም? ክፍት ሲሆን ምስጡ ሲወጣ ይታያል፤ በመጥረጊያ ትመቺዋለሽ። በር ከተዘጋበት ከጀርባ ገብቶ ሲበላ ማን ያየዋል?"

"አንቺ ከምስጥ ጋር ተማክረሽ ነው የመጣሽው?" አልኳት።

"ምስጡ ከአንቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ቤት ውስጥ ያለውን ያውቃል።"

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፤ ምን እንደተባልኩ ሳይገባኝ። ክርክሩንም እኔ አሸነፍኩ። የማሸነፌ ምሥጢር ቀላል ነው፤ ልጃችን ገንዘቡን የላከችው በእኔ ስም ነበር።

ካቢኔቱ ተሠራ። ነጭ ሆነ። ከላይ የሚሰቀለው ሣጥን ምን ያህል ከፍ ይበል ሲባል፣ እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ "እዚህ ላይ" አልኩ። በዕድሜዬ አንድ ቀን ሽንኩርት ያልከተፍኩ ሰው፣ ካቢኔቱን በራሴ ቁመት አሰቀልኩት። ባለቤቴ ደረቴ ጋ ናት። በሩ ሲከፈት ጫፉ የሚውለው እሷ ግንባር ላይ ነው።

አንድ ሰሞን ካቢኔቴን ሳላሳይ የቀረሁት ሰው የለም። ከጁምዓ ስንመለስ ሰው እየጎተትኩ ማድቤት ድረስ አስገባ ነበር። ባለቤቴ ከውስጥ ትወጣና ኩርሲዋን ይዛ ግቢው ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። "ክፈተው፣ ዝጋው፣ ድምፅ አለው?" እላለሁ። እንግዳው ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ማሻ አላህ ይላል። የሮቢቱን ወዳጄንም አምጥቼ ማሳየት ነበረብኝ፤ ግን ሳይመጣ ማጠፊያው መጮህ ጀመረ።

ከዚያ ጨርቆቹ መጡ። አንድ ቀን ማድቤት ብገባ እጀታዎቹ ላይ ቀያይ ብጣሽ ጨርቅ ታስሯል። አንዱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ከጥጉ ያለው ላይ ደግሞ ጨርቁ ተገምዶ እንደ ጅራት ተንጠልጥሏል። ነጩ ካቢኔቴ የገጠር በቅሎ መሰለ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጌጥ ነው" አለች ባለቤቴ፣ ከማሰሮዋ ቀና ሳትል።

"ጌጥ ከሆነስ ለምን አንድ ዓይነት አይሆንም?"

"ለኔ እንዲህ ነው የሚያምረኝ።"

ተውኩት። ዕድሜ ሲገፋ የሴት ጠባይ ይለዋወጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የራሴ ጠባይ በሃያ ዓመቴ እንደቆመ አውቃለሁና የሰውን መለዋወጥ በጥርጣሬ ነው የማየው። በግንባሯ ላይ አልፎ አልፎ የማየውን እብጠትም፣ "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "በሩ" ትለኝ ነበር። የትኛው በር ብዬ አልጠየቅኩም። በቤታችን ብዙ በር ስለነበር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጃችንን ለትዳር ለመጠየቅ ከዋጃ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ግን ጨርቆቹን ፈታኋቸው። ሽማግሌ ማድቤት አይገባም፤ ያንን አውቃለሁ። ግን እጅ ለመታጠብ በጓሮ በኩል ሲያልፉ የማድቤቱ በር ክፍት ከሆነ ዓይናቸው መግባቱ አይቀርም። ነጩን ካቢኔት ያያሉ፣ ይህ ቤት የሰው ቤት ነው ይላሉ ብዬ ነው። ባለቤቴ ልብሷን ልትቀይር ስትገባ ጠብቄ፣ ቋጠሮውን እየፈታሁ፣ ያልተፈታውን በቢላ እየቆረጥኩ፣ ሁሉንም ሰብስቤ ከጥራጊው ጋር አቃጠልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። ወሬው ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላ፣ ስለ ግመል ዋጋ ሄደ፤ ወደ ልጅቷ ለመምጣት ሻይ ያስፈልገው ነበር። ሻዩ ዘገየ። ባለቤቴ ሻይ የምታዘገይ ሴት አይደለችም። ይቅርታ ጠይቄ ተነሳሁና ወደ ማድቤት ሄድኩ፤ ልቆጣት ነበር።

በሩ ላይ ቆምኩ።

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይፈላል። እሷ ካቢኔቱ ፊት ቆማለች። እጇን አንሥታ የመጀመሪያውን እጀታ ያዘች፤ ጣቶቿ እጀታው ላይ የሆነ ነገር ፈለጉ፣ አጡ። ወደ ሁለተኛው ሄደች። እሱም ላይ ፈለገች፣ አጣች። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ከፈተችው፤ እጇን አስገባች፤ ድስት ነው። ቀስ ብላ ዘጋችው። ቀጣዩን ከፈተች፤ የዱቄት ቆርቆሮ ነው። እሱን ሳትዘጋው ወደሚቀጥለው ዞረች። ሁሉም በር ነጭ ነው፣ ሁሉም እጀታ አንድ ዓይነት ነው፤ ያን ያህል የተኩራራሁበት መመሳሰል። ከዚያ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ ሳትዘጋው የተወችው በር ግንባሯን መታት።

አልጮኸችም። መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ፣

"አንተ ነህ?" አለች።

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር። እዚያው፣ የቀን ብርሃን ከኋላዬ እየገባ፣ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ እኔ መሆኔን ጠየቀችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ጨርቆቹ የት ሄዱ?"

"ለእንግዳው ብዬ..."

"እንግዳው ማድቤት ነው እንዴ የሚቀመጠው?"

ይሄኔ ጎረቤታችን በጓሮ በር ገባች፤ ከቤቷ የራሷን ብርጭቆዎች በትሪ ይዛ። የሻዩ መዘግየት እሷንም ሳያሳስባት አልቀረም። እጀታዎቹን አየች፣ የባለቤቴን ግንባር አየች፣ እኔን አየች።

"የሻሼን ጠርዝ ምን አደረጉት?" አለችኝ።

"የምን ሻሽ?"

"ከራሴ ላይ ቀድጄ ያሰርኩላትን ነዋ! ዓይኗ ከከዳት ስንት ጊዜው። አገሩ ሁሉ ያውቃል። አንቱ ብቻ ነዎት የማያውቁት።"

"ተይው" አለች ባለቤቴ። "ሻዩን ቅጂልኝ፤ ሰዎቹ ይጠብቃሉ።"

ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ጠየቁ፤ እኛም እሺ አልን፤ ዱዓ ተደረገ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ደህና ነገር ተናግሬ መሆን አለበት፤ ሠርጉ ደርሷልና።

ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታው ያዙት ተባልን። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ጎብዬን አለፍን። ከዚያ ጠየቅኳት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ከማድቤት ታስወጣኛለህ ብዬ። ‘እሳት አለ፣ ቢላ አለ፣ አርፈሽ ተቀመጪ’ ትለኛለህ። ጣውላዬ ካለችልኝ እንኳን በብዥታ በጨለማም እሠራለሁ ብዬ ነበር።"

"እና?"

"እናማ ሳልነግርህም አስወጣኸኝ።"

በቁጣ አይደለም የተናገረችው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣን ቀልድ አምጥቼ አሳልፈዋለሁ፣ በዚያ የተካንኩ ነኝ። ያን ዕለት ግን አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። እስከ ቤት ድረስ ዱላዬን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ መንገዱን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ማድቤት አልገባችም። ምግቡን ጎረቤታችን ወይም የእህቷ ልጅ ይሠራሉ። እሷ ቁርቁራው ሥር ኩርሲዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እነዚያ እጆች ሥራ ሲያጡ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዳንዴ አውራ ጣቷ በሌባ ጣቷ ላይ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው። ሽታ ሲመጣ፣ "ሽንኩርቱ ሊያርር ነው!" ብላ ከተቀመጠችበት ትጮኻለች፤ ሁልጊዜም ልክ ናት።

እኔም ጥፋቴን በጥበብ ላስተካክል ተነሳሁ። ካቻቢቴ ተውሼ በሮቹን አንድ በአንድ ነቃቀልኳቸው። በር የሌለው ካቢኔት ክፍት መደርደሪያ ነው፣ ምን ልዩነት አለው? ብዬ። ልዩነቱ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እጇን ይዤ አስገባኋት። ሣጥኑ ጥልቅ ነው፤ ዕቃ ከዕቃ ኋላ ይሰለፋል፤ የኋላውን ስትፈልግ የፊቱን ጣለችው። በየመካከሉ የቆመው መለያ እጇን ያግደዋል። ሣጥኑ ከፍ ስላለ ተንጠራርታ፣ ጣቷ የሚይዘው ጠርዝ ስለሌለው፣ የበርበሬው ዕቃ መሬት ወርዶ ተሰበረ።

"ተወው" አለችኝ፣ እጇን እያራገፈች። "ድካምህን አየሁ።"

አየሁ አለች። እሷ እንዲህ ነው የምትናገረው።

አናጺው መጥቶ ሣጥኑን ሲያወርደው፣ ከጀርባው ከወለሉ ጀምሮ እስከ ላይ የምስጥ የጭቃ መንገድ ወጥቷል። ቺፑዱ ከታች በእንፋሎት አብጦ፣ ከኋላ በምስጥ ተበልቶ፣ በጣቴ ብነካው እንደ ቆሎ ረገፈ። ፊቱ ግን አሁንም ነጭ ነው። የበሰበሰ ነገር ፊቱ እንዲህ አምሮ ሲቆይ ሳይ፣ ከእኔ ጋር ዝምድና ያለው መሰለኝ።

"አሁን ምን ይሠራልዎት?" አለኝ አናጺው።

"እሷ ያለችውን።"

"ያኔ ያለችውን?"

"ያኔ ያለችውን።"

ከፈረሰ አሮጌ ቤት የገዛው አንድ ረጅም የጥድ ሳንቃ ነበረው። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። ይላግና በአንግል ብረት ይያዛል፤ ከምድጃው ፊት ለፊት፣ በእሷ ደረት ልክ፤ ስፋቱ አንድ ረድፍ ዕቃ ብቻ የሚይዝ፤ ጠርዙ ላይ ጣት የሚይዘው ከንፈር ይኖረዋል። ከዚያ ሁሉ በርና ማጠፊያ ይልቅ ረክሶ ወጣ። ለዚህ ነው ዛሬ በማለዳ ዱላዬን ይዤ የሮጥኩት፤ ቶሎ ይድረስ ብዬ፣ ሜትር እስኪመጣ እንኳ መታገሥ አቅቶኝ።

ከአሱር ሶላት በፊት ተገጠመ። አናጺው ከሩቁ ጥግ ጀምሮ ወደ በሩ እየመጣ ብረቱን አሠረ፣ ሳንቃውን ጫነ። እኔ ባለቤቴን ልጠራ ቁርቁራው ሥር ሄጄ ነበር።

"ነይ፣ ጣውላሽ መጥቷል።"

"የትኛው?"

"የዚያች የጠቆረችው ጣውላ እህት።"

ተነሳች። በእጄ ልይዛት ስል እጇን ሳበች፤ እስከ ማድቤቱ በር ድረስ ራሷ ታውቀዋለች። ደፉን ተሻግራ ቆመችና አየር ሳበች።

"ጥድ ነው" አለች፤ ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላየሁት ነገር መጣ። ከዚያም የማስታውሰውን፣ በየጠዋቱ ስታደርገው የኖረችውን አደረገች፤ ከበሩ እንደገባች፣ አንድ እርምጃ ሳትጨምር፣ ቀኝ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። የጨው ቦታ ነው።

እጇ ባዶ ግድግዳ ነካ።

እጇን ከፍ አደረገች፣ ግድግዳ። ዝቅ አደረገች፣ ግድግዳ። እኔና አናጺው ከኋላዋ ቆመን አየን። ሳንቃው ከሩቁ ጥግ ተነሥቶ በሩ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። አናጺው ቀስ ብሎ ወደ ዱላዬ፣ ከዱላዬም ወደ ታች ወደሚያብለጨልጨው ቆብ አየ።

"አባባ፣ ይሄ ቆብ መቼ ነው የተገጠመው?"

"ዛሬ።"

"ከመለካትዎ በፊት ነው በኋላ?"

ቆቡን በጫማዬ ጫፍ ሸፈንኩት። ለአናጺው ይኸው በቂ መልስ ነበር። ባለቤቴ ወደ ድምፃችን ዞረች።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ዱላዬን አስቆርጬ ነበር" አልኩ።

ለአፍታ አሰበች። ከዚያ ሳቀች፤ እጇን ግድግዳው ላይ እንዳደረገች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። "ያ አላህ! ሰው ሲያረጅ ይጨምታል ይላሉ፤ ይሄ ሰውዬ ከነዱላው አጠረ!" አናጺውም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ለመሳቅ ማንም አይቀድመኝም።

"ልቀጥለው እንዴ እትዬ?" አለ አናጺው። "ወደ በሩ እንዳልስበው ብረቱ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ ብነቅለው አዲሱ ልስን ይረግፋል። ሌላ እንዲህ ያለ ጥድ ግን የለኝም፤ መገጣጠሚያውም ለእጅ ይሻክራል።"

"አይቀጠል። ትንሽ ናት፤ እደርስባታለሁ።"

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሄደች። እጇ ከንፈሩን አገኘው፤ በጣቶቿ ይዛ እስከ ጥጉ ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ከዚያ ወደ በሩ ወጥታ እንደ አዲስ ገባች። እጇ አሁንም፣ እርምጃውን ሳትጨምር፣ ወደ ድሮው ቦታ ተዘረጋ፤ ግድግዳ ነካ። ተመለሰች፣ ገባች፣ ግድግዳ ነካ። ሳቁ አለቀ። እጅ ዕድሜ ልኩን የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም።

ይሄን ሳይ ነው የቆጨኝ። አሁን ሳይሆን ያኔ፣ ዓይኗ ጭላንጭል ሳያጣ፣ ጣውላዬን መልሱልኝ ስትለኝ ብመልስላት ኖሮ፣ እጇ ከዓይኗ ጋር እያስተያየ አዲሱን ሳንቃ ይማረው ነበር። ያንን ጊዜ ማጠፊያ እያስከፈትኩ፣ እያስዘጋሁ ጨረስኩት። ጥድ ሳንቃ ቢያንስ ሌላ ቤት ሲፈርስ ይገኝ ይሆናል።

"ጨውን አምጣልኝ" አለችኝ። አመጣሁ። ሳንቃው የሚጀምርበት ላይ አስቀመጠችው፤ እጇንም ለጥቂት ጊዜ አላነሳችም፤ አልጋ ላይ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።

ጎረቤታችን የቅመም ቆርቆሮዎቹን ታቅፋ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ለካ ካቢኔቱ ከወረደ ጀምሮ እሷ ዘንድ ነበሩ። ሳንቃውን አየች፣ ጎዶሎውን አየች፣ ዱላዬን አየች፤ የምትለውን አውቄ ቀደምኳት።

"ምስጡ ነው የበላው።"

"ምስጥ ጥድ አይበላም። እኔ ግን አውቃለሁ ማን እንደበላው።" ቆርቆሮዎቹን ለባለቤቴ አንድ በአንድ ታቀብላት ጀመር። ባለቤቴ እያንዳንዱን እያሸተተች ቦታ ትሰጠዋለች። "በርበሬ። ሽሮ። አብሽ። ይሄኛው ባዶ ነው፤ ማነው የጨረሰብኝ?"

"እኔ ነኝ" አለች ጎረቤታችን፤ "ለእናንተው ወጥ!"

ጎረቤታችን ቅያሬ ሻሽ የላትም ማለት አይደለም፤ ግን ዛሬም ያንን ቀዩን አስራለች። በአንድ በኩል ጠርዙ ተቀድዶ ክሩ ይንጠለጠላል። ባለፈው ገበያ ከጎብዬ አዲስ ሻሽ ገዝቼ ሰጥቻት ነበር፤ ተቀብላ ለልጄ ሠርግ ስጦታ አደረገችው።

"ጠርዜን መቼ ነው የሚመልሱልኝ?" አለችኝ፣ የመጨረሻውን ቆርቆሮ እያቀበለች።

"አዲሱን ሻሽ ሰጥቼሽ የለ?"

"አዲስ ሻሽ ማን ጠየቀዎት? እኔ የጠየቅኩት የቀደድኩትን ነው።"

አቃጥዬዋለሁ ብዬ ነግሬያታለሁ፤ ታውቃለች። አውቃም ትጠይቀኛለች። ባለቤቴም በጣቶቿ የሳንቃውን ከንፈር እየተከተለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "አትለቂው" ትላታለች። ወርዱ አንድ ጣት የማይሞላ የሻሽ ጠርዝ ነው፤ ዛሬም ዕዳው አለብኝ።